ሽቶው በእናንተ ቆዳ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት ሞሎች ወደ አንዱ ገብታችሁ ሽቶ ቤት በር ላይ ለአስር ደቂቃ ብትቆሙ ይህን ንግግር መስማታችሁ አይቀርም። ገዢዋ ሁለት ካርቶን ይዛ ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ታነባለች። «ይሄኛው 80 በመቶ ይላል፣ ያኛው 75 ነው። እንግዲህ 80ው ይሻላል ማለት ነው አይደል?» ሻጩም «በጣም እንጂ የኔ እህት፣ እሱ ጠንካራ ነው» ይላታል። 80ው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከፍ ያለው ነው።

ያ ቁጥር ግን የሽቶው ጥንካሬ አይደለም፤ የአልኮሉ መጠን ነው። ሽቶ ማለት የሽታ ዘይት በአልኮልና በትንሽ ውኃ ተበጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በመቶኛ የሚነግራችሁ ማሟሟቻው ምን ያህል አልኮል እንደሆነ ነው፤ የዚህ አንዱ ምክንያት አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ ነው። የምትፈልጉት ቁጥር፣ ማለትም ዘይቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ጭራሽ አይጻፍም።

እሱን የሚጠቁማችሁ ስሙ ነው። «ፓርፋም» ወይም «ኤክስትሬ» የሚለው ከፍተኛው ሲሆን በተለምዶ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዘይት ይይዛል። «ኦ ደ ፓርፋም» ከ15 እስከ 20 አካባቢ ነው። «ኦ ደ ቷሌት» ከ5 እስከ 15፣ «ኦ ደ ኮሎኝ» ደግሞ ከ2 እስከ 5። እኛ አገር ሴቶች ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋው ቦዲ ሚስት፣ አንዳንዱ ቦዲ ስፕላሽ የሚለው፣ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሙያው ልማድ ናቸው እንጂ አንድ አምራች «ኦ ደ ፓርፋም» ብሎ ለመጻፍ ይህን ያህል ዘይት ማስገባት አለበት የሚል ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። የአንዱ ኩባንያ ቷሌት ከሌላው ፓርፋም ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ርካሽ ሽቶዎች ሁሉ ካርቶናቸው ላይ «ኦ ደ ፓርፋም» መባላቸው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባችኋል፤ መጻፍ ገንዘብ አያስወጣም።

ሌላው ነገር፣ አንድ ስም ያላቸው ሽቶዎች በጥንካሬ ብቻ ይለያያሉ ብሎ ማሰብ ነው። የዲዮርን «ሶቫዥ» እንውሰድ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ወንዶች በብዛት የሚጠሩት ስም ነው፤ ከነቅጂው ማለቴ ነው። ቷሌቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ሲረጭ ሹል ነው፣ በርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድና በርበሬ ነገር ቀድሞ ይመጣል። በ2018 የወጣው ኦ ደ ፓርፋም ቫኒላ ጨምሮ ለስለስ ብሏል። በ2019 ፓርፋሙ ሲመጣ ደግሞ የሰንደል እንጨት ገባበትና ይበልጥ ጸጥ አለ። እና ቷሌቱን «ውኃ ነው» ብሎ ትቶ ፓርፋሙን በተጨማሪ ብር የገዛ ሰው፣ የጠበቀውን ያንኑ ሽታ በድርብ ጉልበት አያገኝም። ሌላ ሽታ ነው የሚያገኘው፣ ያውም ክፍል ውስጥ ሲገባ ከቷሌቱ ያነሰ የሚሰማ። ዘይት ሲበዛ ሽታው ረጅም ሰዓት ቆዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ የግድ ሩቅ አይሄድም። ሩቅ የሚወስደው የሚተነው ነው።

የሽቶ ዘይት አንድ ነገር ስላልሆነ ነው ይህ የሚሆነው። በውስጡ በደርዘን የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሚተኑበት ፍጥነት የተለያየ ነው። ብርቱካንና ሎሚ ነክ የሆኑት በሩብ ሰዓት ውስጥ ይሄዳሉ። አበባና ቅመማ ቅመሙ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከሥር የሚቀረው እንጨት፣ ሙጫ፣ ቫኒላና ምስክ ነው። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ቤት ውስጥ ከርቤ ስታጨሱ ሽታው በማግሥቱም መጋረጃ ላይ ይገኛል፤ ብርቱካን ስትልጡ ግን ሽታው ልጣጩን ሳትጥሉ ይጠፋል። የጥርኝ ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ከዚህ አገር እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ድረስ ሲላክ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብቻውን ስታሸቱት አፍንጫ የሚያስይዝ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በጣም ትንሹ ሌላውን ሽታ ቆዳ ላይ ይዞ ያቆያል። ዛሬ አብዛኛው ሽቶ በቦታው በላቦራቶሪ የተሠራውን ይጠቀማል።

ሽቶ ቤት ውስጥ የምትገዙት እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው፤ የምታሸቱት ግን የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ብቻ። ሻጩ በወረቀት ላይ ረጭቶ አፍንጫችሁ ሥር ሲያወዛውዝ ያለው ሎሚና ብርቱካኑ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲኤምሲ ታክሲ ውስጥ አብሯችሁ የሚቀመጠው ሽታ ገና አልመጣም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ዋጋ ሳያሰላ አያልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ብዙ ሴቶች ከሽቶ ወደ ቦዲ ሚስት ዞረዋል፣ ሌሎች ደግሞ «ሚስት ገንዘብ ማባከን ነው፣ አንዴ ጥሩ ሽቶ ግዢ» ይላሉ። የትኛው ትክክል ነው? ለምሳሌ ያህል ዋጋ እናስቀምጥ፤ የእናንተን ሱቅ ዋጋ ራሳችሁ ተኩት። 236 ሚሊ ሊትር ቦዲ ሚስት 2,500 ብር፣ 50 ሚሊ ሊትር ኦ ደ ፓርፋም 7,500 ብር ነው እንበል።

የሽቶ ጠርሙስ አንዴ ሲጫኑት 0.1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይረጫል። በቀን አራት ጊዜ ብትረጩ 0.4 ነው፤ 50ው ሚሊ 125 ቀን ይሄዳል። 7,500ን ለ125 ስናካፍለው በቀን 60 ብር። ሚስቱ አፉ ሰፋ ያለ ስለሆነ አንዴ ሲጫኑት 0.15 እንበለው፤ ሰውም በአራት ርጭት አይረካም፣ ስምንት ጊዜ ይረጫል። ያ 1.2 ሚሊ ነው። ከሰዓት ደግሞ ይደግመዋል፤ በቀን 2.4። ጠርሙሱ ከ98 ቀን በኋላ ያልቃል፤ በቀን 25 ብር ተኩል ገደማ። እስካሁን ሚስቱ አሸንፏል።

ግን የምንገዛው ፈሳሹን ሳይሆን የምንሸትበትን ሰዓት ነው። ሚስት አንዴ ሲረጭ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ፣ ሁለት ጊዜ ሲረጭ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ በሰዓት 8 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። ፓርፋሙ ሰባት ሰዓት ቢቆይ 60 ለ7 ሲካፈል በሰዓት 8 ብር ከ60 ሳንቲም። እኩል ናቸው በሉት! ስለዚህ በዚህ ስሌት አንዱ ብክነት ሌላው ብልህነት አይደለም። ከጂም ወጥታችሁ ወይም ሻወር ወስዳችሁ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቡና ልትጠጡ ከሆነ ሚስት ይበቃል። ጠዋት ከአያት ወጥታችሁ ማታ 2 ሰዓት የምትመለሱ ከሆነ ሚስቱን ቀኑን ሙሉ በቦርሳ ተሸክማችሁ መዞር ነው።

ስሌቱ ላይ አንድ ቁጥር ግን ካርቶንም ሻጭም የማይነግራችሁ አለ፤ ሰባቱ ሰዓት። ያው ፓርፋም በእናንተ ቆዳ ላይ ሦስት ሰዓት ብቻ ከቆየ ዋጋው በሰዓት 20 ብር ሆነ። ጓደኛችሁ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሽቶ እናንተ ላይ እስከ ምሳ የማይደርስ ከሆነ ሽቶው ፎርጂድ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ደረቅ ቆዳ ሽታ ቶሎ ይለቃል፤ ወዛም ቆዳ ይይዛል። የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ አልኮሉም ሽታውም ትንሽ ፈጠን ብሎ ይተናል። በበጋው ወራት አየሩ ሲደርቅ ከንፈርና ክንድ የሚሰነጠቀውን ያህል ሽቶም አይቆይም። ዱባይ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ሞክራችሁ የወደዳችሁት ሽቶ ቦሌ ስታርፉ ሌላ ሰው የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው።

መፍትሔው የአያቶቻችን ነው። አደስን ለብቻው ፀጉር ላይ አይነሰንሱትም ነበር፤ ከቅቤ ጋር ነው። ስብ ሽታን ይይዛል። ሽቶ ከመርጨታችሁ በፊት ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም ስስ ቫዝሊን ቆዳችሁ ላይ ብታደርጉ ያው ቅቤው ነው፤ ቀለል ያለ ቷሌት ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

እንግዲህ ሙከራው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቦሌና አካባቢው ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሱቆቹ ተቀራርበው ነው ያሉት።

የምትሄዱበትን ቀን ምረጡ። ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ወይም ቡና ላይ እጣን ከጨሰበት ቤት ወጥታችሁ አትሂዱ፤ ልብሳችሁም ፀጉራችሁም ሽታ ይዟል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሽታ የሌለው ሳሙና ወይም ውኃ ብቻ፣ ሽታ ያለው ሎሽን ይቅር። እጅጌው ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው፤ ከሦስት አራት ሽቶ አይበልጥ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ስሙን ጻፉበት፣ አለዚያ ውጭ ስትወጡ ሁሉም አንድ ነው። እንደተረጨ ወዲያው አታሽቱት፤ አልኮሉ ይመታችኋል። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ወረቀት የሚጠቅመው ለመጣል ነው፤ የማትወዱትን ታስወጡበታላችሁ እንጂ የምትወዱትን አትመርጡበትም። ከዚያ ሁለት ብቻ ይቅሩ።

ሁለቱን በቆዳ ላይ፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ክንድ። የእጅ አንጓ ላይ ከሆነ እጅ ስትታጠቡ ይሄዳል፣ ስለዚህ እኔ የክርን መታጠፊያውን እመርጣለሁ። ከአንድ ስንዝር ትንሽ ባነሰ ርቀት አንድ ጊዜ ብቻ ይረጭ። አታሹት። ሰው ሁሉ ሁለቱን አንጓ ያሻሻል፤ ሲታሽ ይሞቃል፣ የመጀመሪያው ሽታ በጥድፊያ ይሄዳል፣ ግማሹም ወደ ሌላው እጅ ይዞራል። ሙከራችሁ ተበላሸ ማለት ነው።

ከዚያ ውጡ። ይህ ነው ከባዱ፤ ሻጩ «እህቴ፣ ሁለት ፍሬ ነው የቀረን፣ ነገ ላይኖር ይችላል» ይላል። ይበል። ስልካችሁ ላይ ሰዓቱን መዝግቡና በገርጂ በኩል ወደ መገናኛ ሂዱ፤ ወይም ቤታችሁ ጉርድ ሾላም ሆነ ሰሚት፣ ወደዚያው። በ20 ደቂቃው፣ በአንድ ሰዓቱ፣ በሦስት ሰዓቱና በስድስት ሰዓቱ ክንዳችሁን አሽታችሁ አንዳንድ ቃል ጻፉ። «ጣፋጭ»፣ «ሳሙና ሳሙና»፣ «ራስ ምታት»፣ ምንም ይሁን። መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ እንኳ ጥቅም አለው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው መስኮት መክፈት ከጀመረ አንድ ነገር አውቃችኋል።

ለምሳሌ ግራ ክንድ ላይ ቷሌት፣ ቀኝ ላይ ኦ ደ ፓርፋም አድርጋችሁ 5 ሰዓት ላይ ከሱቁ ወጣችሁ እንበል። 6 ሰዓት ላይ ግራው ደስ ይላል፣ ቀኙ ከብዷል። በዚህ ሰዓት ብትገዙ ግራውን ነበር። 8 ሰዓት ላይ ግራው ክንዳችሁን አፍንጫ ላይ ካላስጠጋችሁ አይሰማም፤ ቀኙ ክብደቱ ወርዶ የቫኒላና የእንጨት ሽታ ሆኗል። 11 ሰዓት ላይ ግራው የለም፣ ቀኙ አለ። አሁን ሁለት ቁጥር በእጃችሁ አለ፤ ሦስት ሰዓትና ስድስት ሰዓት። እነሱን ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ አስገቡና ዋጋውን በሰዓት አውጡት። የቷሌቱ ዋጋ ከፓርፋሙ ግማሽ በታች ካልሆነ በቀር ርካሽ አይደለም።

አፍንጫ ግን ውሸታም ምስክር ነው። ለምዶት ሲቆይ ዝም ይላል፤ የራሳችሁን ቤት ሽታ የማትሰሙት ለዚህ ነው። «ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ውጭ ዞራችሁ ኑና የቤት ሰው ጠይቁ። ከዚህም በላይ፣ አንዳንድ በላቦራቶሪ የሚሠሩ ምስኮችን ጨርሶ የማይሸቱ ጤነኛ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ሽቶው በአንድ ሰዓት ያለቀ ይመስላቸዋል፣ ቢሮው ግን ማታ ድረስ ያውቃል። አራት አምስት ጊዜ እየደገሙ የሚረጩ ሰዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው።

ሱቅ ውስጥ በብርጭቆ የሚቀርበው የቡና ፍሬስ? ለአፍንጫ ማደሻ ነው ይባላል። ቡና የእኛ ስለሆነ ባሞግሰው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ የቤሎይት ኮሌጅ ሙከራ ቡና ከሎሚ ሽታ ወይም ከተራ አየር የተሻለ አፍንጫ እንደማያድስ ነው ያገኘው። ሽቶ ያልነካውን የራሳችሁን ትከሻ ወይም እጅጌ አሽቱ፤ ካልሆነ በረንዳ ወጥታችሁ ተንፍሱ።

የክንድ ሙከራው አንድ ሌላ ነገርም ይነግራችኋል። የተረጨበት ቦታ ቢቀላ ወይም ቢያሳክክ፣ ያ ሽቶ ለአንገታችሁ አይሆንም፤ ለልብስ ሊሆን ይችላል። አለርጂ ወዲያው ላይታይ ይችላል፣ እስከ ሁለት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ ጠብቁ። የተፈጥሮ በርጋሞት ዘይት ደግሞ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ትልልቆቹ አምራቾች ይህን የሚያደርገውን ንጥረ ነገር አስወግደው ወይም ወስነው ነው የሚጠቀሙት፤ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ግን በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን አንገት ላይ አትርጩት።

ቅጂዎቹንም የሚያጋልጣቸው ጊዜ ነው። መገናኛ መንገድ ዳር «ፈርስት ኮፒ» የሚባለው ሽቶ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች በጣም ያስመስላል፤ ሎሚና ብርቱካን ርካሽ ነው። ውድ የሆነው የሥሩ ሽታ ነው፤ እዚያ ላይ ይቆጥባሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የፕላስቲክ ወይም የአልኮል ሽታ ብቻ ከቀረ መልሱን አግኝታችኋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሱቁ ውስጥ የሞከራችሁት ቴስተሩን ነው እንጂ የሚሰጣችሁን የታሸገ ካርቶን አይደለም። ስለዚህ ስትገዙ ካርቶኑ ሱቁ ውስጥ እንዲከፈት ጠይቁና አንዴ ወረቀት ላይ አስረጩ፤ ከቴስተሩ ወረቀት ጎን ለጎን አሽቱት። ቴስተሩ መስታወት ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ሊጎመዝዝ ይችላል፣ ያ ልዩነት አያስደንግጣችሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ሁለቱ ወረቀቶች መመሳሰል አለባቸው። ካርቶኑን አልከፍትም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ቦሌ ላይ ሌላው ሽቶ ቤት አንድ ፎቅ ከላይ ነው።